አንድ አንቲቦዲ፣ ሦስት ቦታ፦ የቡሽ ባልና ሚስት የግሬቭስ በሽታ

በ1989 መጀመሪያ፣ ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ፕሬዚዳንት ሆነው ዋይት ሀውስ ከገቡ ገና ብዙም አልቆዩም ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ባለቤታቸው ባርባራ 63 ዓመታቸው ነው። ያን ሰሞን ሳያስቡት ይከሱ ጀመር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ 8 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። ዓይናቸውም አበጠ። ይቆጠቁጣቸዋል፣ እንባ ያፈሳል፤ ቆይቶም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸው ጀመር። ደማቸው ሲመረመር ግሬቭስ የሚባለው፣ አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ እጢ በሽታ ተገኘ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሜይ 4 ቀን 1991 ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ካምፕ ዴቪድ ውስጥ ሶምሶማ እየሮጡ ሳለ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ድካም ተጫናቸው። የልባቸው ምት ሲታይ የተዘበራረቀ ነበር። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል፤ የላይኛው የልብ ክፍል በሥርዓቱ መምታቱን ትቶ ይርገበገባል። በሄሊኮፕተር ወደ ቤተስዳ ባሕር ኃይል ሆስፒታል ተወሰዱና የልብ ምት የሚያስተካክል መድኃኒት ተጀመረላቸው። በቀናት ውስጥ ምክንያቱ ታወቀ። የእሳቸውም ግሬቭስ ነው።

ባልና ሚስት ናቸው፤ በሽታቸው አንድ ነው። ግን አንዷን በዓይናቸው መጣባቸው፣ አንዱን በልባቸው። ሁለቱም ታይሮይዳቸው በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ታከመ። የፕሬዚዳንቱ ልብ ተስተካከለና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የባርባራ ዓይን ግን እጢው ከታከመ በኋላም አልተዋቸውም። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ግሬቭስን የእጢ በሽታ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው የባርባራን ዓይን ማስረዳት አይችልም።

ውሃው ተመረመረ

ነገሩ ሲሰማ ሕዝቡ ግራ ተጋባ። ባልና ሚስት በደም አይዛመዱም። ሚሊ የተባለችው ውሻቸውም ሉፐስ ተገኝቶባት ነበር፤ እሱም የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ሲነሳ የሚመጣ በሽታ ነው። እናም ጥርጣሬው ወደ ውሃው ሄደ። የዋይት ሀውስ፣ የካምፕ ዴቪድ፣ ቡሽ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳሉ የኖሩበት ቤትና የኬነበንክፖርት የበጋ ቤታቸው ውሃ አዮዲንና ሊትየም እንዳለበት ተመረመረ። ሁለቱም ታይሮይድን የሚነኩ ነገሮች ስለሆኑ ምርመራው ተገቢ ነበር። የሚያስረዳ ነገር ግን አልተገኘም።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የአጋጣሚ ነው። ግሬቭስ ብርቅ በሽታ አይደለም። ሴቶችን ከወንዶች ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ በዘርም ይወርዳል። ሆኖም ዘር ብቻውን አይበቃውም። ዘረመላቸው አንድ ከሆነ መንትዮች አንደኛው ቢታመም ሌላኛው የሚታመመው በግምት ከሦስት አንድ ጊዜ ነው። የቀረውን የሚወስነው ሲጋራ፣ ብዙ አዮዲን፣ ከባድ ጭንቀት፣ ወሊድ፣ እና ገና በውል ያልታወቀ ነገር ነው። ለአንድ የተወሰነ ሰው «ያመጣብህ ይህ ነው» ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም።

ደሙ ውስጥ ያለው ነገር

ጤነኛ ሰው ላይ ታይሮይድ በራሷ አታዝም። አዛዧ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ናት። ፒቱታሪ ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን ትልካለች። ቲኤስኤች በታይሮይድ ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፤ ሴሉም አዮዲን ይስብና ሆርሞን ያመርታል። የታይሮይድ ሆርሞን ደም ውስጥ ሲበዛ ፒቱታሪ ትሰማለች፣ መላኩንም ትቀንሳለች። ቲኤስኤች ደም ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ በግማሽ ስለሚቀንስ ትእዛዙ ቶሎ ይበርዳል።

በ1956 አዳምስ እና ፐርቭስ የተባሉ ተመራማሪዎች ዱኒዲን፣ ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ ሙከራ ሠሩ። የጊኒ ፒጎችን ታይሮይድ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት አደረጉበት። ከዚያ ለአንዳንዶቹ ቲኤስኤች፣ ለሌሎቹ ታይሮይዱ ከሚያስቸግረው ሰው የተወሰደ የደም ውሃ ወጉ። እጢው ሥራ ሲጀምር ምልክት የተደረገበት አዮዲን ወደ ደም ይወጣል፤ ይህ ይለካል። ቲኤስኤች የተወጉት ላይ ልኩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጫፍ ደርሶ ወረደ። የበሽተኛ ደም የተወጉት ላይ ግን ጫፉ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው፣ የቆየውም ለረጅም ጊዜ። ደሙ ውስጥ ታይሮይድን የሚያሠራ፣ ቲኤስኤች ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር አንቲቦዲ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ሰውነት ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚያመርተው ዓይነት ፕሮቲን ነው፤ የሚነሳው ግን በራሱ በቲኤስኤች ተቀባይ ላይ ነው። ተቀባዩ ራሱ፣ ማለትም የሚሠራበት ዘረመል፣ ተለይቶ የተነበበው በ1989 ነው፤ የባርባራ በሽታ በተገኘበት ዓመት።

ነገሩን ልዩ የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው። በአብዛኞቹ ራስን በሚያጠቁ በሽታዎች ላይ አንቲቦዲው ወይ ያፈርሳል ወይ ይዘጋል። የግሬቭሱ ግን ያሠራል። ተቀባዩ ላይ ተጣብቆ እንደ ቲኤስኤች ያዘዋል። እንግዳ መጥቶ ጣቱን የበር ደወል ላይ አድርጎ ሳያነሳ እንደቀረ ቁጠሩት። ፒቱታሪ «በቃ» ብትልም የሚሰማት የለም፤ አንቲቦዲው የእሷ አይደለምና። ደም ውስጥም ሳምንታት ይቆያል።

ይህን ሰንሰለት የሚያውቅ ሰው የላብራቶሪ ወረቀቱን ሲያነብ አይቸገርም። ሆርሞኖቹ ማለትም ቲ3 እና ቲ4 ከፍ ብለዋል፤ ቲኤስኤች ደግሞ ሊለካ እስከማይችል ወርዷል። ፒቱታሪ ዝም ብላለች፣ እጢዋ ግን አላቆመችም። ያንኑ አንቲቦዲ ራሱን የሚለካ ምርመራም አለ። በተለመደው የመጣበቅ ምርመራ ከመቶ ሕመምተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይገኝባቸዋል። አንድ ጉድለት አለው። የሚለካው ከተቀባዩ ጋር መጣበቁን እንጂ ማሠራቱን አይደለም። አንዳንድ ሰው ላይ ተቀባዩን ይዞ የሚዘጋ አንቲቦዲም አለ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊፈራረቁም ይችላሉ። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ግራ የሚያጋባ ታይሮይድ ሲገጥም ይህ መታሰብ አለበት።

ጥፋተኛው አንቲቦዲው ለመሆኑ የማውቀው ምርጥ ማስረጃ አራስ ልጅ ላይ የሚታየው ነው። ግሬቭስ የነበረባት እናት እጢዋ ከዓመታት በፊት ወጥቶ፣ የሆርሞን ክኒን እየወሰደች ሙሉ ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። አንቲቦዲው ግን ደሟ ውስጥ ካለ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ታይሮይድ ያሠራዋል። የፅንሱ ልብ ይፈጥናል፤ ሲወለድ ይቁነጠነጣል፣ ጠብቶ ጠብቶ አይፋፋም። በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ የእናቱ አንቲቦዲ ከደሙ ሲያልቅ በሽታውም ይጠፋል። «እኔ እኮ ድኛለሁ» የምትል እርጉዝ እናት አንቲቦዲዋ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

የፕሬዚዳንቱ ልብ

የልቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ የአንቲቦዲው የቀጥታ ሥራ አይደለምና። ልብን የሚያስቸግረው የተረፈው ሆርሞን ነው። ቲ3 የልብን ምት ያፈጥናል፤ የላይኛው የልብ ክፍል ከአንዱ ምት በኋላ የሚያርፍበትን ጊዜም ያሳጥራል። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲጨመር ምቱ ይዘበራረቃል። ቡሽ 66 ዓመታቸው ነበር። በወጣት ላይ ግሬቭስ በመንቀጥቀጥ፣ በላብ፣ በመነጫነጭ ይታወቃል። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ግን እነዚህ ደብዝዘው የልብ ምት መዛባትና ክሳት ብቻ ሊታዩ ይችላሉ። አዲስ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የመጣበት ሰው ቲኤስኤች ይለካ የሚባለው ለዚህ ነው። ሆርሞኑ ሲወርድ ልቡም ይረጋጋል፤ የቡሽም እንደዚያው ሆነ።

የባርባራ ዓይን

ስለ ዓይን ሲወራ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው የላይኛው ቆብ ወደ ላይ መሸሽ ነው፤ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። ይህ በማንኛውም ምክንያት ሆርሞን ከበዛ ሊመጣ ይችላል። ቆቡን የምታነሳ ትንሽ ጡንቻ ትወጠራለች፤ ሆርሞኑ ሲስተካከል ቆቡ ይመለሳል። ሁለተኛው ዓይኑ ራሱ ከቦታው ወደ ፊት መገፋቱ ነው። ይህ ከሆርሞኑ አይደለም። ቋጠሮ ያለው እንቅርት ሆርሞን ቢያበዛም ዓይንን አይገፋም። እንቅርት በሚበዛበት የእኛ ደጋ ይህ ልዩነት ትልቅ ዋጋ አለው። አንገቱ ያበጠ፣ ልቡ የሚሮጥ ሰው ዓይኑ ከወጣ፣ ጣት ወደ ግሬቭስ ይቀሰራል።

ታዲያ ማን ይገፋዋል? ከዓይኑ ጀርባ ስብና ጡንቻ አለ፤ በመካከላቸው ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ይኖራሉ። እነዚህ ሴሎች ታይሮይድ ላይ ያለውን የቲኤስኤች ተቀባይ እነሱም ይሸከማሉ። አጠገቡ ደግሞ አይጂኤፍ-1 የተባለ፣ ሴሎችን የሚያሳድግ ሆርሞን ተቀባይ አለ፤ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። አንቲቦዲው እዚህም ሲደርስ ያዛል። ሴሎቹ ግን የታይሮይድ ሆርሞን ማምረት አይችሉም፤ የሚችሉትን ይሠራሉ። ከፊሎቹ ወደ ስብ ሴልነት ይለወጣሉ። ሌሎቹ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያመርታሉ። የመዋቢያ ክሬም ላይ የምናውቀው ያው ራሱ ነው፤ ውሃ ይስባል፣ ያብጣል።

የዓይን ጉድጓድ ግድግዳው አጥንት ነው፤ ወደ ጎን አይሰፋም። መጠኑ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲጨመርበት መውጫው አንድ ብቻ ነው፣ ወደ ፊት። ቆቡ ሙሉ ለሙሉ አልከደን ይላል፣ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ያነባል። የባርባራ የመጀመሪያ ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሁለት ሁለት ማየታቸው ደግሞ ከጡንቻዎቹ ነው። በብዛት የሚያብጠው ከዓይን ሥር ያለው ጡንቻ ነው። ሲያብጥና ሲደነድን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ያ ዓይን ወደ ላይ ማየት ያቅተዋል። አንዱ ዓይን ሲያይ ሌላው ይቀራል፣ ምስሉም ሁለት ይሆናል። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስተውሉት ጠዋት ሲነሱ ነው።

የሚያስፈራው እብጠቱ ወደ ኋላ፣ የዕይታ ነርቭ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ላይ ሲጫን ነው። የዚህ ምልክት የዓይን መውጣት ብዛት አይደለም። እንዲያውም ብዙም ሳይወጣ ነርቩ ሊጨፈለቅ ይችላል። ቀለም መደብዘዝ ነው ምልክቱ። ቀይ ነገር በአንዱ ዓይን ደምቆ በሌላው ገርጥቶ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።

ባርባራ ለዓይናቸው ፕሬድኒሶን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት ወሰዱ፤ በኋላም ከዓይናቸው ጀርባ ላለው ሥጋ የጨረር ሕክምና ተሰጣቸው። እጢያቸው አስቀድሞ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ታክሞ ነበር። ይህ አዮዲን ታይሮይድን ያጠፋል፤ ሲያጠፋ ግን የሴል ፍርስራሽ ይበተናል፣ አንቲቦዲው ለወራት ከፍ ብሎ ይቆያል። በ1998 የታተመ የጣሊያን ጥናት 443 ሕመምተኞችን በሦስት ከፍሎ ተከታትሏል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ከወሰዱት 15 በመቶው ላይ የዓይን በሽታ መጣ ወይም ባሰ፤ ታይሮይድን በሚያበርድ ክኒን ከታከሙት ላይ 3 በመቶ ብቻ። አዮዲኑን ከፕሬድኒሶን ጋር ከወሰዱት ውስጥ የባሰበት አልነበረም። የባርባራን ዓይን ያባሰው አዮዲኑ ነው ልል አልችልም፤ ዓይናቸው ከሕክምናው በፊትም ታሞ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑ ገና እየቀላና እያበጠ ያለ ሰው አዮዲኑን ያለ ስቴሮይድ አይሰጠውም፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ሕክምና ይመረጥለታል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አደጋው የባሰ ስለሆነ መጀመሪያ የሚነገረው ማጨሱን እንዲያቆም ነው።

በ2020 አሜሪካ ውስጥ ቴፕሮቱሙማብ የተባለ መድኃኒት ተፈቀደ። የአይጂኤፍ-1 ተቀባይን ይዘጋል፤ ወደ ውጭ የወጣውን ዓይን ወደ ቦታው ለመመለስ ይረዳል። ውድ ነው፤ ጆሮን ሊጎዳና ስኳርን ከፍ ሊያደርግም ይችላል።

ቅልጥም ላይ የሚወጣው

በባልና ሚስቱ ላይ የቅልጥም ቆዳ ችግር እንደነበረ አልተነገረም፤ ይህም አይገርምም። ከግሬቭስ ሕመምተኞች ይህ የሚወጣባቸው ከመቶ ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑት ብቻ ናቸው። የሚወጣባቸውም ሁሉም ለማለት ይቻላል ዓይናቸው የታመመ፣ የአንቲቦዲ ልካቸውም በጣም ከፍ ያለ ነው። ዓይኑ ከመጣ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ነው የሚከተለው። እንደ ባርባራ ዓይኑ የታመመ ሰው ሲመጣ ሱሪውን ሰብስቦ ቅልጥሙን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ሕመም ስለሌለው ራሱ አያነሳውምና።

ከቅልጥሙ ፊት ለፊት፣ በሁለቱም እግር፣ ቆዳው ወፍሮ ከፍ ይላል። የፀጉር መውጫዎቹ ጠልቀው ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። በቀይ ሰው ላይ ሮዝ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ወደ ቡናማና ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ቅላቱም በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ በእኛ ሰው ላይ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ዳስሶ መፈለግ ይሻላል። በጣት ሲጫኑት እንደ ኩላሊት ወይም የልብ እብጠት ጎድጎድ ብሎ አይቀርም፤ ጠንከር ይላል። ውስጡ ያለው ያው ዓይን ጀርባ ያየነው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ የቆዳው ፋይብሮብላስት ያመረተው።

አንቲቦዲው በደም ሁሉ ቦታ የሚዞር ከሆነ ለምን ቅልጥም? አንድ የተሟላ መልስ የለም። ቅልጥም ታች ነው፤ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል፣ የተመረተውም ቶሎ አይጠረግም። ከአጥንቱ በላይ ሥጋ ስለሌለበት በቀላሉ ይመታል። መመታት ዋና ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ጠባሳ ባለበት፣ ቆዳ ተቆርጦ በተወሰደበት ቦታ፣ ትከሻ ላይም ቢሆን ወጥቶ ታይቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ መምታታት አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ብዙዎች ዝሆኔ የሚሉት፣ እሱም ቆይቶ ሲጠነክር ሲጫኑት አይጎደጉድም። የግሬቭሱ በጣም ሲከፋም እግሩን ሁሉ አሳብጦ ዝሆኔ ያስመስለዋል። መለያው መነሻው ነው። ዝሆኔ የሚነሳው ከእግር መዳፍና ከጣቶች ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም አንዱ እግር ይብሳል። የግሬቭሱ ከቅልጥም ፊት ይነሳል፣ ወደ መርገጫው ሲወርድ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኑን ማየት፣ አንገቱን መዳሰስ፣ «ታይሮይድ ታክመህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አሁን የሚለካው ሆርሞን ልክ መሆኑ አያዘናጋ። እጢው ከዓመት በፊት ጠፍቶ ቲኤስኤች ፍጹም ልክ ሆኖ ቆዳው ሊወፍር ይችላል።

ቀላል ከሆነ ሳይነኩት መተው ይቻላል፤ ብዙው በዓመታት ውስጥ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። ካስቸገረ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ተቀብቶ በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ለሳምንታት ይቀጥላል፤ ቀን ቀን ደግሞ አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ይደረጋል። ቶሎ ከተጀመረ ይቀበላል፤ ከደነደነ በኋላ ግን እምብዛም። ቆርጦ ማውጣት አይመከርም። ጠባሳው ራሱ አዲስ መውጫ ይሆንለታል።